ኦክስጂን ባለበት ዋርድ እሳት ሲነሳ ታካሚን ወደ ቀጣዩ ክንፍ የማሻገር ዝርዝር መመሪያ

የእሳት ደወል ሲጮህ ብዙው ሰው የሚያስበው ደረጃውን ነው። በቢሮ ወይም በሆቴል ይህ ትክክል ነው። ተኝቶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ግን በደረጃ አንድ የማይንቀሳቀስ ታካሚ ለማውረድ ቢያንስ አራት ጠንካራ ሰዎች ይፈለጋሉ። አሥር እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ካሉና በሌሊት ተረኛ ሁለት ነርሶች ብቻ ከሆኑ ስሌቱ ገና ሳይጀመር ይከሽፋል። ስለዚህ ሆስፒታል ሲሠራ ፎቁ በወፍራም ግድግዳና ራሳቸው በሚዘጉ የእሳት በሮች በክንፍ በክንፍ ይከፈላል። እሳቱ ባለበት ክንፍ ያሉት ታካሚዎች እዚያው ፎቅ ላይ፣ ከእሳት በሩ ወዲያ ወዳለው ክንፍ ይሻገራሉ። በሩና ግድግዳው እንደ ሕንፃው አሠራር ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ እሳትን ለመቋቋም የተሠሩ ናቸው። ሥራችሁ ይህንን ጊዜ መጠቀም ነው።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በአንድ ሁኔታ ላይ ነው፦ ከታካሚዎቹ ጥቂቶቹ ኦክስጂን ላይ ባሉበት ዋርድ፣ በሌሊት፣ አንድ አልጋ አጠገብ እሳት ሲነሳ።

ኦክስጂን ምን ያደርጋል?

ኦክስጂን ራሱ አይነድም፤ የሚያነደው ሌላውን ነው። አየር ውስጥ 21 በመቶ ያህል ኦክስጂን አለ። ይህ መጠን ከ23 በመቶ ተኩል ሲያልፍ አንሶላ፣ ፀጉር፣ ፒጃማና ፍራሽ በትንሽ ብልጭታ ይያዛሉ፤ ከተያዙም በኋላ የሚነዱት በለመድነው ፍጥነት አይደለም። ኦክስጂን ከአየር ትንሽ ስለሚከብድ በብርድ ልብስ እጥፋትና በፍራሹ ላይ ይከማቻል። ታካሚው ሽንት ቤት ሲሄድ ማስኩን አልጋው ላይ ክፍት ትቶት የሚሄድ ከሆነ፣ ሲመለስ የሚተኛው ኦክስጂን በጠጣ ጨርቅ ላይ ነው። ልብሱም ኦክስጂኑን ወዲያው አይለቅም። ከዚህ ዓይነት አልጋ የወጣ ሰው ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ከማንኛውም ነበልባልና ብልጭታ መራቅ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ሲሊንደሩ ነው። በሙሉ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት በተለምዶ 150 ባር አካባቢ ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 150 ባር የነበረው ሲሊንደር 300 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ወደ 290 ባር ገደማ ይወጣል፤ ይህ እጥፍ ያህል ነው። ግድግዳው ደግሞ በሙቀቱ እየላላ ነው፤ አሉሚኒየም ከሆነ ከብረት ቀድሞ ይላላል። ስለዚህ እሳት የላሰው ሲሊንደር ሊፈነዳ ይችላል። የወደቀ ሲሊንደር ቫልቭ ቢሰበር ደግሞ ጋዙ በኃይል ሲወጣ ሲሊንደሩን እንደ ሮኬት ሊያስወነጭፈው ይችላል።

ሦስተኛውን አደጋ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እሱን ግን የሚያመጣው የእናንተ ጥድፊያ ነው። ቫልቭ በድንገት ሲከፈት ጋዙ ወደ ሬጉሌተሩ ገብቶ በቅጽበት ይታመቃል፤ የታመቀ ጋዝ ይግላል። እዚያ ውስጥ ትንሽ ቅባት፣ አቧራ ወይም የፕላስቲክ ፍርፋሪ ካለ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ከተቀጣጠለ ደግሞ ብረቱም ይነዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ባዝ ከተማ በሚገኝ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ አልጋ ላይ የተቀመጠ የኦክስጂን ሲሊንደር ተቀጣጥሎ ክፍሉን ባዶ ማድረግ ግድ ሆኖ ነበር። ታካሚን ለማሻገር ስትጣደፉ አራት አምስት ሲሊንደር ተከታትላችሁ የምትከፍቱ ከሆነ፣ ይህ አደጋ በትክክል በዚያ ሰዓት ላይ እንደሚያገኛችሁ አስቡ።

እሳቱ በተነሳበት ክፍል የመጀመሪያዋ ደቂቃ

በመጀመሪያ ጮክ ብላችሁ ሰው ጥሩ። ዘዴው ምንም ይሁን፣ ሆስፒታላችሁ በስምምነት የያዘውን ቃል ተናገሩ፤ «እሳት» ማለትም ቢሆን ከዝምታ ይሻላል። ቀጥሎ የአልጋው ባለቤት ላይ አተኩሩ። ኦክስጂኑን ከፍሎሜትሩ ላይ ዝጉ፤ ግን እጃችሁ ነበልባሉን ሳያልፍ የሚደርስ ከሆነ ብቻ ነው። ካልደረሰ ማስኩን ወይም የአፍንጫ ቱቦውን ከፊቱ አውልቁና ከሰውነቱ አርቁት። ቱቦው ከተቀጣጠለ በውስጡ እየሄደ ያለው ኦክስጂን ነበልባሉን እንደ ክር ይዞት ወደ ፊት ስለሚመጣ አንድ ሰከንድም መጠበቅ አይገባም። ልብሱ የሚነድ ከሆነ ቱቦውን አውልቃችሁ ኦክስጂኑን ካቆማችሁ በኋላ በብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ታካሚውን አውጡት። አልጋውን መግፋት ከቻላችሁ በአልጋው፤ ካልሆነ ብርድ ልብስ ከጎኑ ዘርግታችሁ ወደ እሱ አንከባለሉት፣ ጫፎቹን ከራሱ በላይ ሰብስባችሁ ያዙና በጭንቅላቱ አቅጣጫ ወለል ላይ ጎትቱት። አንድ ሰው ብቻውን በዚህ መንገድ ከራሱ የከበደን ሰው ማውጣት ይችላል። በክፍሉ ውስጥ ሌላ ታካሚ ካለም ይውጣ። ከዚያ በኋላ በሩን ዝጉት።

በሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ በሩን መዝጋት ይሁን። ጭስ በሙቀት ይሰፋል፤ የሚወጣበትን መንገድ ካገኘ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ኮሪደሩን ሞልቶ ወደ መተንፈሻ ቁመት ይወርዳል። የተዘጋ በር ግን ያንን ጊዜ ብዙ ያራዝመዋል። ከበሩ ስር ያለውን ክፍተት እርጥብ አንሶላ ወይም ፎጣ ከደፈናችሁበት ይበልጥ ይረዳል። ብዙ ጊዜ ግን በሩን የሚዘጋው ሰው አይኖርም፤ ታካሚውን ለማውጣት ሁሉም ተጣድፎ በሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ለማጥፋት መሞከር የሚገባው ሰው ከወጣና ደወሉ ከተደወለ በኋላ ነው። እሳቱ ከቆሻሻ መጣያ ቅርጫት የማይበልጥ፣ መውጫው ከኋላችሁ ያለ፣ ጭሱም ያልበዛ ከሆነ ሞክሩ። ለኤሌክትሪክ መሣሪያ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ተጠቀሙ። ኦክስጂኑ አሁንም የሚፈስ ከሆነ ግን ማጥፊያው ገና እንደተነሳ እሳቱ ተመልሶ ይቀጣጠላል፤ ምንጩ ካልተዘጋ ተዉትና በሩን ዝጉ።

የክንፉን ኦክስጂን መቼ እንዘጋለን?

በግድግዳ ቧንቧ የሚሰጥ ኦክስጂን ካላችሁ በኮሪደሩ አንድ ጥግ ሩብ ዙር በሚዞር እጀታ የሚዘጋ ቫልቭ አለ። በእሳት ጊዜ ከሚፈጸሙ ስህተቶች አንዱ ይህን ቫልቭ ቸኩሎ መዝጋት ነው። ቫልቩ የሚያቆመው የሚነደውን አልጋ ብቻ አይደለም፤ የክንፉን ታካሚ ሁሉ ነው። በተቃራኒው ሳይዘጋ መቆየቱም እሳቱን ይመግበዋል። ስለዚህ ውሳኔውን አንድ ሰው ይወስዳል፦ የተረኛዋ ኃላፊ ነርስ። የምትጠይቀውም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከግድግዳ ላይ ማን ቀረ?» መልሱ «ማንም» ከሆነ ትዘጋለች። ታካሚዎቹ ወደ ሲሊንደር ካልተዛወሩ ደግሞ እሳቱ ወደ እነሱ እየቀረበ ካልሆነ በቀር አትዘጋም። እሳቱ ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩን ከያዘ ግን ትዘጋለች፤ የቀሩት በአምቡ ባግ ትንፋሽ እየተሰጣቸው ይወጣሉ። አምቡ ባግ ኦክስጂን ሳይገጠምለትም ከክፍሉ አየር ጋር ይሠራል፤ ለጥቂት ደቂቃ ይህ ምንም ካለማድረግ እጅግ ይሻላል።

ቫልቩ የሚያገለግለውን ክንፍ በላዩ ላይ በግልጽ መጻፍ አለባችሁ። ያልተጻፈበትን ቫልቭ የዘጋ ሰው ታካሚዎች ሊሄዱበት የታሰበውን ክንፍ ኦክስጂን አቋርጦ ሊሆን ይችላል።

ከሲሊንደር ጋር ሲሠራ

ሲሊንደሩ ቆሞ፣ በጋሪው ወይም በመደገፊያው ላይ ይሁን፤ አልጋው ላይ፣ በታካሚው እግሮች መካከል አይቀመጥ። እጃችሁ ላይ ያለው የአልኮል ማጽጃ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይሁን፤ ቅባት ያለበት እጅም አይንካው። ቫልቩን ወደ ታካሚው ፊት ሳታዞሩ፣ ራሳችሁም ከሬጉሌተሩ ፊት ገለል ብላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሩብ ዙር ክፈቱ፤ ጥቂት ቆይታችሁ ቀሪውን ክፈቱ። ከዚያ ወዲህ ነው ፍሎሜትሩን የምትለቁት። ቱቦውን ለታካሚው ከማስገጠማችሁ በፊት ፍሰቱን አይታችሁ አረጋግጡ።

ምን ያህል እንደሚበቃ ማስላት ቀላል ነው። የሲሊንደሩን የውሃ መያዣ መጠን በሊትር ወስዳችሁ በመለኪያው ላይ ባለው ባር አባዙ፤ ያ በሊትር የቀረው ኦክስጂን ነው። የመጨረሻውን 20 ባር አትቁጠሩት፤ ለመጠባበቂያ ይቆይ። ለምሳሌ 5 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 70 ባር ቢያሳይ ከ20ው መጠባበቂያ ውጭ 50 ባር ይቀራል፤ በ5 ሲባዛ 250 ሊትር ነው። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ 25 ደቂቃ ይሆናል። 2 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ሲሊንደር 40 ባር ላይ ያለ ቢሆን 40 ሊትር ብቻ ይሰጣል፤ በደቂቃ 2 ሊትር ለሚወስድ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በደቂቃ 10 ለሚወስድ ግን አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ይህንን ስሌት በደወል ጊዜ መሥራት አይቻልም። ለዚህ ነው ተረኛ ነርስ ሥራ ስትረከብ የሲሊንደሮቹን መለኪያ ማየት ያለባት።

በእሳቱ አካባቢ የቀረ ሲሊንደር ካለ፣ ነበልባል ያልነካውና በእጅ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ የሆነው ብቻ፣ እሱም ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጊዜ ካለ፣ በጋሪ ይውጣ። ሙቅ የሆነው ወይም ነበልባል የላሰው ግን አይነካም፤ አይጎተትም። ያለበትን ቦታና ቁጥሩን ይዛችሁ ውጡ፤ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚጠቅመው ያ ነው።

የማሻገሩ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ የሚወጡት እሳቱ ባለበት ክፍልና በአጠገቡ ያሉት ናቸው፤ መራመድ ቢችሉም ባይችሉም። ቀጥሎ በእግራቸው የሚሄዱት፣ ከዚያ በዊልቸር የሚሄዱት፣ በመጨረሻ በአልጋ የሚገፉትና ብዙ መሣሪያ የተያያዘባቸው ናቸው። ጨካኝ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስድስት የሚራመዱ ታካሚዎች በአንድ ሰው መሪነት በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ ኮሪደሩም ለአልጋዎቹ ባዶ ይሆናል። ከአልጋ ከጀመራችሁ ግን አንድ አልጋ ሁለት ሰዎችን ይዞ ሲሄድ ሌሎቹ በር ላይ ይጠብቃሉ፤ ፈርተው የወጡትም ከአልጋው ፊት ይቆማሉ። አስታማሚዎች ካሉ ደግሞ ሥራ ስጧቸው፦ ታካሚያቸውን ይዘው ቀጣዩ ክንፍ ድረስ እንዲሄዱና እዚያው እንዲቀመጡ። ሥራ ያልተሰጠው አስታማሚ ወደ ኋላ ተመልሶ ዕቃ ይፈልጋል።

አልጋ ሲገፋ የሚያስቸግረው ትንንሽ ነገር ነው። ፍሬኑን ፍቱ፤ መድኃኒት የሚያስገባ ፓምፕ ካለ ከሶኬቱ ንቀሉ፣ በባትሪ ይቀጥላል። የሽንት ከረጢቱን አልጋው ጠርዝ ላይ ስቀሉ፤ ከደረት የሚወጣ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጠርሙስ ካለ ከደረቱ በላይ አታንሱት። የጎን መከላከያውን አንሱት፤ ግን አልጋው በሩን የማያልፈው በእሱ ምክንያት ከሆነ አውርዱት። በእግር በኩል የሚገፋው ሰው ወደ ፊት ማየት አለበት፤ በራስ በኩል ያለው ደግሞ ታካሚውን ይከታተላል።

አሁን አንድ ሁኔታ ሙሉ በሙሉ እንመልከት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በክንፉ 12 ታካሚዎች ተኝተዋል። ተረኞቹ ሁለት ነርሶች፣ አንዲት ጽዳት ሠራተኛና አንድ ጥበቃ ናቸው። ባለሁለት አልጋ በሆነው ክፍል 5 ቁጥር አልጋ ላይ ያለው ታካሚ በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 4 ሊትር ኦክስጂን ይወስዳል፤ የስልኩ ቻርጀር ገመድ ከትራሱ ስር ተጎድቶ ብልጭታ አወጣ።

አንደኛዋ ነርስ ገብታ ፍሎሜትሩን ዘጋች፣ ቱቦውን አወለቀች፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ብርድ ልብሱን ይዛ መጣች፤ ታካሚውን ጎትተው አወጡት። በዚያው ጊዜ 6 ቁጥር ያለው በእግሩ ወጣ። ነርሷ በሩን ዘጋች። ሁለተኛዋ ነርስ ደወሉን ተጭና፣ ለሆስፒታሉ ኦፕሬተር «ክንፉ፣ ፎቁ፣ የሚነደው ምንድን ነው፣ ኦክስጂን አለ» ብላ ነገረች። ጥበቃው ወደ ቀጣዩ ክንፍ ሄዶ ጭስ አለመኖሩን አየ፤ በሩን ክፍት አድርጎ ያዘ፣ ጠርዙን አስደግፎ አልሄደም። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ነው።

ቀሪዎቹ አሥር ታካሚዎች ናቸው። አምስቱ ይራመዳሉ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ በግድግዳው ጎን አስልፋ ወሰደቻቸው። ሁለቱ በዊልቸር ይወጣሉ፤ ከቀጣዩ ክንፍ የመጡት ሁለት ነርሶች ገፏቸው። ሦስቱ የአልጋ ናቸው፤ አንዱ ማስክ ላይ በደቂቃ 10 ሊትር፣ አንዱ በደቂቃ 2 ሊትር፣ አንዱ ምንም ኦክስጂን የለውም። ባለ 5 ሊትሩ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስደው፣ ትንሹ 2 ሊትር ለሚወስደው ተሰጠ፤ ተገላቢጦሹ ቢሆን የከባዱ ታካሚ ኦክስጂን በኮሪደሩ መሃል ሊያልቅ ይችል ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ አልጋ ገፍተው በአማካይ በሁለት ደቂቃ ደርሰው ቢመለሱ፣ ሦስቱ አልጋዎች ስድስት ደቂቃ ይወስዳሉ። የመጨረሻው አልጋ በሩን ሲያልፍ ኃላፊዋ ነርስ ጥያቄዋን ጠየቀች፤ «ከግድግዳ ላይ ማን ቀረ?» «ማንም» ሲባል ቫልቩን ዘጋች። ወጥታ የእሳት በሩን ዘጋች፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ወደ ክፍሉ ተመልሶ የገባ ሰው አልነበረም።

ይህን ቅደም ተከተል በአንድ ሆስፒታል በልምምድ ስናካሂድ ያየሁት ነገር ይኸውና፦ የእሳት በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆም የተደገፈበት ዕቃ ሙሉ የኦክስጂን ሲሊንደር ነበር። በሩን ክፍት የሚይዝ ነገር ሲፈለግ ከባድ ነገር ይመረጣል፤ በዋርድ ውስጥ ደግሞ ከሲሊንደር የከበደ ነገር አይገኝም። በየቀኑ ተረኛ ሲቀያየር በሩን አንድ ጊዜ ለቃችሁ ራሱ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ተመልከቱ።

ከበሩ ወዲያ

የተሻገረው ታካሚ ሁሉ በስም ዝርዝሩ ይቆጠራል። ቁጥሩ 12 ካልሆነ ማን እንደቀረና የት እንደታየ ተጠይቆ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ይነገራል እንጂ ማንም ተመልሶ አይገባም። ኦክስጂን የሚወስዱት በተቻለ መጠን ከአዲሱ ክንፍ ግድግዳ ጋር ይገናኙ፤ ሲሊንደሮቹ ይዘጉ። መስኮት ካለ ይከፈት። ሦስት አራት ሲሊንደር በአንድ የተዘጋ ክፍል ውስጥ እያፈሰሱ ቢቆዩ ከሸሻችሁት ሁኔታ ጋር የሚመሳሰል አየር ታዘጋጃላችሁ። ሲሊንደር በእሳት በሩ አጠገብ አታስቀምጡ።

ቀጥሎ በሩን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ። ከበሩ ስር ጭስ መግባት ከጀመረ፣ ወይም የበሩ የላይኛው ክፍል በእጅ ጀርባ ሲነካ እየሞቀ ከሆነ፣ ጊዜው እያለቀ ነው፤ ወደ ሦስተኛው ክንፍ ተመሳሳዩ ቅደም ተከተል ይደገማል። ደረጃው የሚታሰበው በጎን የሚሄዱበት ክንፍ ሲያልቅ ወይም እሳት የማጥፋቱን ሥራ የሚመራው ኃላፊ ሲያዝዝ ነው። አሳንሰር አይታሰብም፤ በእሳት ጊዜ ሰው ለማውጣት የተሠራና እሳት አደጋ ሠራተኞች የሚቆጣጠሩት ካልሆነ በቀር።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሲደርሱ ኃላፊዋ ነርስ አምስት ነገር ትናገራለች፦ እሳቱ ያለበት ክፍል፣ በሩ መዘጋቱ፣ የቀረ ሰው መኖር አለመኖሩ፣ የክንፉ ኦክስጂን ቫልቭ መዘጋቱና ያለበት ቦታ፣ እንዲሁም በውስጡ የቀሩት ሲሊንደሮች ብዛትና የት እንዳሉ። የቀሩት ሲሊንደሮች እሳቱ ከጠፋ በኋላም በአቅራቢው ባለሙያ ሳይመረመሩ አይነኩም፤ ወደ አገልግሎት አይመለሱም።